የቆየ ጽሑፍ አንባቢ ሲርቀው፦ ርዕስን ከፈላጊው ቃል ጋር ማስማማት

የአማርኛ ጸሐፊ ርዕስ ሲያወጣ በሐሳቡ የሚመጣለት መጽሔቱን በእጁ የያዘ አንባቢ ነው። ይህ አንባቢ ፎቶውን ያያል፣ ዓምዱን ያውቀዋል፣ ጸሐፊውንም ይለየዋል። «ማዕዳችን በሁዳዴ» ተብሎ ቢጻፍለት ጽሑፉ ስለ ጾም ምግብ እንደሚያወራ ወዲያው ይገባዋል። ያው ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ጥቂት ዓመታት ሲያስቆጥር ግን ሁኔታው ሌላ ነው። አብዛኛው አንባቢ የሚመጣው ከጎግል ፍለጋ ይሆናል፤ እዚያ ደግሞ ጽሑፉ ከሌሎች ገጾች መሃል የተሰለፈች አንዲት መስመር ብቻ ናት። ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት የቆመው ሰው የጻፈው «የፆም ምግብ አሰራር» ብሎ ነው። ዓይኑም በዝርዝሩ ላይ የሚፈልገው እነዚያኑ ቃላት ነው። «ማዕዳችን በሁዳዴ» የምትለውን መስመር አልፏት ይሄዳል፤ ከሥሯ ያለው ጽሑፍ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያውቀውም።

አንባቢ የራቀው አሮጌ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልገውም። ርዕሱን ብቻ ማስተካከል የሚበቃበት ጊዜ አለ። ችግሩ ግን የርዕሱ መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ መነካካት ጉዳት ያመጣል። ለማጣራት የሚያስችለው መሣሪያ ነጻ ነው፤ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል፣ እስከ 2015 ድረስ ዌብማስተር ቱልስ ይባል የነበረው ነው። የገጹ ባለቤት መሆንዎን ካረጋገጡለት በኋላ `Performance` የሚለውን ሲከፍቱ አራት ነገር ያሳይዎታል። ገጽዎ በፍለጋ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ ታየ፣ ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ ከታየበት ውስጥ የተከፈተው በመቶ ስንት ነው፣ በአማካይስ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነበር? ከዚህ ሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ደግሞ `Queries` የሚለው ክፍል ነው። ሰዎች ገጽዎን ያዩት ምን ብለው ጽፈው እንደሆነ፣ ፊደሉን እንኳ ሳይለውጥ ቃል በቃል ይዘረዝርልዎታል።

እነዚህን አራት ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ የሕመሙን ዓይነት ይለያል። ገጹ የታየበት ብዛት ወርዶ ደረጃው እንደነበረ ከሆነ፣ ነገሩን የሚፈልገው ሰው ራሱ ቀንሷል ማለት ነው፤ ርዕስ መቀየር የማይፈልግን ሰው ፈላጊ አያደርገውም። ደረጃው ከ4ኛ ወደ 15ኛ ከወረደ ደግሞ ሌሎች ገጾች በልጠውታል ወይም ገጹ ቴክኒካዊ ችግር ገጥሞታል፤ እዚህ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጽሑፉ ይዘትና የገጹ ጤንነት ነው። ገጹ እንደ ድሮው እየታየ፣ ደረጃውም ሳይወርድ፣ የሚከፍተው ሰው ብቻ ሲቀንስ ግን ጣት የሚቀሰረው ሰው በሚያየው መስመር ላይ ነው። የርዕስ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሆኖም አማካይ ደረጃ የሚባለውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት። አንድ ገጽ ለአንዱ ጥያቄ 2ኛ፣ ለሌላው 40ኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ መሣሪያው ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ገጹ ከዚህ በፊት ለማይታይባቸው አዳዲስ ጥያቄዎች ከታች መታየት ከጀመረ፣ በድሮዎቹ ጥያቄዎች ምንም ሳይነካ አማካዩ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ደረጃን መመርመር የሚገባው በየጥያቄው ነው።

የጾም ምግቡን ጽሑፍ ይዘን እንሂድ። ከዚህ በታች ያሉት የጉብኝት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት እኔ ያስቀመጥኋቸው ናቸው፤ የአንድ የተወሰነ ድረ ገጽ አይደሉም።

የመጀመሪያው ወጥመድ የቀን ነገር ነው። ሰርች ኮንሶል ሁለት ጊዜያትን በ`Compare` ያነጻጽራል፤ ከተዘጋጁት አማራጮች አንዱም ከአምናው ተመሳሳይ ቀን ጋር ማወዳደር ነው። ለሠርግ ዲኮር ወይም ለስልክ ጥገና ይህ ሊበቃ ይችላል። ዐቢይ ጾም ግን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። መሣሪያው የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ከማርች 11 እስከ ሜይ 4 ቀን 2024፣ ሁለተኛው ከፌብሩዋሪ 24 እስከ ኤፕሪል 19 ቀን 2025 ይሆናል፤ ሁለቱም 55 ቀን። የ2025ቱን 55 ቀን ከ2024 ተመሳሳይ ቀናት ጋር ቢያወዳድሩ፣ በአምናው በኩል ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆነው ጊዜ ጾሙ ገና ያልገባበት ነው። ገጹ አንባቢ እያጣ ሳለ ያደገ ይመስላል። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ቢያወዳድሩ ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና በከንቱ ይደነግጣሉ። ስለዚህ `Custom` ውስጥ ገብተው ጾምን ከጾም ጋር በትክክለኛ ቀኑ ያስተያዩ። ለረመዳን ጽሑፎችም እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣልና።

በትክክለኛው ቀን ሲታይ ገጻችን በ2016ቱ ሁዳዴ 20,000 ጊዜ ታይቶ 1,200 ጊዜ ተከፍቷል፤ ይህ 6 በመቶ ነው። በ2017ቱ 21,000 ጊዜ ታይቶ የተከፈተው 630 ጊዜ ብቻ ሆነ፤ 3 በመቶ። ደረጃው ሁለቱንም ዓመት 4ኛ አካባቢ ነው። ፈላጊው አልቀነሰም፣ ጎግልም ገጹን አላወረደውም። ርዕሱም ያው የድሮው «ማዕዳችን በሁዳዴ» ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

መልሱ ያለው ጥያቄዎቹ ዘንድ ነው። `Pages` ውስጥ ገብተው ይህንን ገጽ ብቻ ከመረጡ በኋላ ወደ `Queries` ይመለሱ። በ2017 ከታየባቸው 21,000 ጊዜያት ውስጥ 3,000ው «የሁዳዴ ምግቦች» ብለው የጻፉ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም 270 ጊዜ ተከፍቷል፣ 9 በመቶ። ርዕሱ ውስጥ ሁዳዴ የሚል ቃል አለና ሰውየው የፈለገውን አይቷል። «የፆም ምግብ አሰራር» በሚለውና በመሰሎቹ 9,000 ጊዜ ታይቶ የተከፈተው ግን 135 ጊዜ ነው፤ 1.5 በመቶ ብቻ። «የሱፍ ፍትፍት አሰራር» በሚለው 5,000 ጊዜ ታይቶ 50 ጊዜ። የቀሩት 4,000ው በጥቃቅን ጥያቄዎች የተበታተኑና ስማቸው የማይታይ ሲሆኑ 175 ጊዜ አስከፍተዋል። የ2016ቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ሲያደርጉት ደግሞ ያኔ ትልቁን ድርሻ የያዘው «የሁዳዴ ምግቦች» ነበር። እንግዲህ የተለወጠው የፈላጊው አነጋገር ነው። ሰው ስለ ሁዳዴ በጠቅላላው መጠየቁን ትቶ ወደ አሰራሩ ዞሯል፤ ርዕሱ ግን የቆመው ባለበት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። አንዱ «ጾም»፣ ሌላው «ፆም»፣ ሌላው «ጦም» ብሎ ይጽፋል፤ «አሠራር» እና «አሰራር»ም እንዲሁ። መሣሪያው እነዚህን ሁሉ እንደ ተለያዩ ጥያቄዎች በየመስመራቸው ያስቀምጣቸዋል። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚያነብ ሰው ትንንሽ ቁጥሮች ተበታትነው ያይና ምንም ትልቅ ነገር እንደሌለ አድርጎ ያልፋል፤ ሲደመሩ ግን የገጹ ዋነኛ ጥያቄ ሆነው ይገኛሉ። ጸሐፊው ራሱ «አዘገጃጀት» የሚለውን ቃል ይመርጥ ይሆናል፤ ፈላጊው ደግሞ «አሰራር» ይላል። ሁሉንም በአንድ ማጥለያ ለመሰብሰብ የጥያቄ ማጣሪያው ውስጥ `Custom (regex)` የሚለውን መርጠው ይህን ይጻፉ።

```
[ጾፆጦ]ም.*(አ[ሰሠ]ራር|አዘገጃጀት)
```

በቅንፍ ቅርጹ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ ቢገኝ ይበቃል፤ ነጥብና ኮከቡ መሃል ላይ ማንኛውም ቃል ቢገባ ይፈቅዳል፤ ቀጥ ያለው መስመር «ወይም» ማለት ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰውም ብዙ ነውና `tsom|aserar` ብለው ለብቻው ይፈልጉ። እነዚያን በአገር ቢለዩአቸው የትኛው አንባቢ በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ ይታያል፤ አረብ አገር ወይም አሜሪካ ሆኖ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ሰው አገር ቤት ካለው በተለየ መንገድ ሊፈልግ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጎግል ጥቂት ሰዎች ብቻ የጠየቋቸውን ጥያቄዎች ለሰዎቹ ግላዊነት ሲል ከዝርዝሩ ይደብቃል። በጥያቄ ማጣሪያ ሲያስገቡ እነዚህ ስውሮች ከድምሩ ይወጣሉ። ስለዚህ የተጣራ ቁጥርን ካልተጣራ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይሆንም፤ የተጣራውን ከተጣራው ጋር ነው።

አሁን ርዕሱን እንጻፍ። ሦስት ሐሳብ ይጋፋል። ትልቁ ጥያቄ «የፆም ምግብ አሰራር» ስለሆነ መጀመሪያ እርሱ ይምጣ። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ነው፤ በስልክ ማያ ላይ ርዕሱ ሲረዝም ጎግል መጨረሻውን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ዋናው ቃል ከፊት መቆም አለበት። ፊደሉን በተመለከተ በዝርዝሩ ላይ የሚበዛውን አንዱን መምረጥ ነው። ሦስቱንም አጻጻፍ ርዕስ ላይ መደርደር አንባቢን ያደናግራል፣ ገጹንም የማይታመን ያስመስላል። የጽሑፉ አካል በፈለገው ሰዋስው ይጻፍ፤ ርዕሱ ላይ ግን «ጾም» ትክክል ነው ብሎ ከአንባቢው ጋር መከራከሩ አይጠቅምም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ሁዳዴ ነው። ቃሉ የሚሠራው በጾሙ ወራት ብቻ ስለሆነ አውጥቶ መጣል ያምራል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያትም ያው ምግብ ይፈለጋልና። ነገር ግን ከ630ው ክሊክ 270ውን ያመጣው ይኸው ቃል ነው። ርዕስ ሲቀየር በብዛት የሚደርሰው ጥፋት ይህ ነው፤ አዲሱን ጥያቄ ለመያዝ ሲሮጡ እየሠራ ያለውን ቃል መጣል። ስለዚህ ይቆያል፣ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሱፍ ፍትፍት ነው፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 5,000 ጊዜ መታየት ዓይን ይስባል። ጽሑፉን ሲከፍቱት ግን ስለ ሱፍ ያለው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ሱፉ መቆላቱን፣ መወቀጡን፣ በውኃ ተበጥብጦ መጠለሉን አንድም አያስረዳም። ርዕሱ ላይ ቢጨመር ሰው ይከፍታል፣ የፈለገውን ያጣል፣ ተመልሶም ሌላውን ገጽ ይከፍታል። ርዕስ ጽሑፉ የማይሰጠውን መስጠት የለበትም። ለሱፍ ፍትፍት መፍትሔው የራሱ ጽሑፍ መጻፍና ከዚህኛው ወደዚያ ሊንክ ማድረግ ነው። ስለዚህ ርዕሱ «የፆም ምግብ አሰራር፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን ለሁዳዴ» ሆነ። ሦስቱም ምግቦች ከነልካቸው ጽሑፉ ውስጥ አሉ።

ርዕስ ስንል ገጹ ውስጥ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው ለፍለጋ ውጤት የሚቀርበው፣ ሁለተኛው ገጹ ሲከፈት ከላይ በትልቁ የሚነበበው ነው።

```html
<title>የፆም ምግብ አሰራር፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን ለሁዳዴ</title>
<h1>ማዕዳችን በሁዳዴ፦ የፆም ምግብ አሰራር</h1>
```

የድሮው ርዕስ ውበት እንዲቀር የማይፈልግ አዘጋጅ በሁለተኛው ቦታ ሊያቆየው ይችላል፤ እኔም ቢቆይ ደስ ይለኛል። ግን ሁለቱ ፈጽሞ መራራቅ የለባቸውም። ጎግል የሰጡትን ርዕስ ሁልጊዜ እንዳለ አያሳይም። በኦገስት 2021 ርዕስ የሚያወጣበትን አሠራር ቀይሮ፣ በቀጣዩ ወር እንዳስታወቀው የባለቤቱን ርዕስ የሚጠቀመው 87 በመቶ ጊዜ ነው፤ በቀረው ጊዜ በገጹ ላይ ካለው ትልቅ ርዕስ፣ ከሌላ ጽሑፍ ወይም ወደ ገጹ ከሚያመሩ ሊንኮች የራሱን ያወጣል። ያለፈ ዓመት ቁጥር የተጣበቀበት፣ ቃል የተደጋገመበት ወይም በሁሉም ገጾች ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ርዕስ ለዚህ ይጋለጣል። ሁለቱ ቦታዎች አንድ ነገር ካወሩ ግን ጎግል ከየትኛውም ቢወስድ አንባቢው የሚያየው ያው ይሆናል።

የገጹን አድራሻ፣ ማለትም ሊንኩን፣ አይንኩት። ቀድሞ የተላኩ ሊንኮች ሁሉ የሚያመሩት ወደዚያ ነው። ዎርድፕሬስ ላይ የታተመ ጽሑፍ ርዕስ ሲቀየር አድራሻው በራሱ አይቀየርም፤ እንደነበረ ይተዉት። የታተመበትንም ቀን ርዕስ ስለቀየሩ ብቻ ወደ ዛሬ አያምጡት። ይዘቱ ሳይለወጥ ቀኑን ማደስ ጎግል በመመሪያው ለይቶ የሚጠይቅበት ድርጊት ነው፤ ለአንባቢም ሐቀኝነት አይደለም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። `URL Inspection` ውስጥ አድራሻውን አስገብተው `Request indexing` ቢጫኑ ጎግል ገጹን ዳግም እንዲያነብ ይጠየቃል፤ ያም ሆኖ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አዲሱ ርዕስ በውጤቱ ላይ መታየቱን ራስዎ በስልክ ፈልገው ያረጋግጡ። ካልታየ የሚለኩት የድሮውን ርዕስ ነው። ርዕሱ የተቀየረበትን ቀን፣ የድሮውንና የአዲሱን ቃል በአንድ ማስታወሻ ላይ ይጻፉ፤ ከወራት በኋላ የትኛው ለውጥ የትኛውን ውጤት እንዳመጣ የሚነግርዎ እርሱ ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ጽሑፉንም፣ ፎቶውንም፣ ርዕሱንም ከቀየሩ ግን ማስታወሻውም አይረዳዎትም።

ለገጻችን የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በፍልሰታ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ቀኑ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከኦገስት 7 እስከ 21 ያለውን ከአምናው ጋር በቀጥታ ማወዳደር ይቻላል። ከላይ በጻፍነው ማጣሪያ ሲታይ በአምናው ፍልሰታ 3,000 ጊዜ ታይቶ 45 ጊዜ ተከፍቶ ነበር። ርዕሱ ከተቀየረ በኋላ 3,200 ጊዜ ታይቶ 128 ጊዜ ተከፈተ። 1.5 በመቶው 4 በመቶ ሆነ፣ ደረጃው ሳይለወጥ። ደረጃው በዚያው መካከል ከ4ኛ ወደ 2ኛ ቢወጣ ኖሮ ግን ይህን ጭማሪ ለርዕሱ ብቻ መስጠት አይቻልም ነበር፤ ከፍ ብሎ የታየ ገጽ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን ይበልጥ ይከፈታልና። ቁጥሩም ትንሽ ሲሆን አይቸኩሉ፤ ከ10 ክሊክ ወደ 14 መሄድ ምንም አያስረዳም።

አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይቀራል። «የሁዳዴ ምግቦች» ብለው የሚጽፉት ሰዎች አሁን ቃሉን ከኋላ ሲያዩት እንደ ድሮው ይከፍታሉ ወይስ 9 በመቶው ይወርዳል? በፍልሰታ ማንም ስለ ሁዳዴ ስለማይጠይቅ ይህ የሚታወቀው በቀጣዩ ዐቢይ ጾም ነው። ያኔ የዚህኛው መቶኛ ብዙ ወርዶ የሌላው ጭማሪ ካላካካሰው ቃሉን ወደ ፊት መመለስ ነው። መቶኛው ሳይነካ ቁጥሩ ከቀነሰ ደግሞ ርዕሱ ጥፋት የለበትም፤ የፈላጊው ብዛት ነው የቀነሰው።

አሰራሩ የማያግዛቸው ገጾችም አሉ። ለአሰራር ጥያቄ ጎግል ከላይ የቪዲዮ ረድፍ ሲያስቀምጥ 4ኛ የሚባለው ገጽ በስልክ ማያ ላይ በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሰውም ሳያየው ያልፋል። ሰርች ኮንሶል ያንን በግልጽ አይነግርዎትም፤ ጥያቄውን በስልክዎ ላይ ጽፈው ማየት አለብዎት። እንዲህ ከሆነ የትኛውም ርዕስ የድሮውን ቁጥር አይመልስም፣ ጊዜዎን ለሌላ ገጽ ያውሉት።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ሰርች ኮንሶል የሚያስቀምጠው የ16 ወር መረጃ ብቻ ነው። በማርች 2024 የገባው ጾም መረጃ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከፊቱ እየተቆረጠ ሄዷል፤ ያላወረደው ሰው ከእንግዲህ አያገኘውም። ስለዚህ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ `Export` የሚለውን ተጭነው የጾሙን ጥያቄዎች በኮምፒውተርዎ ያስቀምጡ። ሠንጠረዡ በአንድ ጊዜ ከ1,000 መስመር በላይ ስለማያወርድ ትልልቆቹን ገጾች አንድ በአንድ እየመረጡ ያውርዱ።